ስንት ጎደለ?

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ያዘዘኝ ደብረ ታቦር የምንኖር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች ማኅበር ነው። አባሎቹ 58 ነን። በወር አንድ ጊዜ እንሰበሰባለን፣ ለቀብርና ለሠርግ እናዋጣለን፣ የቀረውን ወሬ በቴሌግራም እንጨዋወታለን። ከመካከላችን አንዱ፣ የስማዳ ልጅ የሆነ መምህር፣ ወራት የቆየ ራስ ምታቱ የአንጎል ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ እንደሚደረግና ከቤተ ሰቡ አቅም በላይ እንደሆነ ሰማን። «አንተ ገጣሚ አይደለህ?» አሉኝ፤ «ሰው የሚያነሣሣ ነገር ጻፍልን።»

ጻፍሁ። ሦስት ገጽ ሙሉ። በደብዳቤዬ ውስጥ ጓደኛችን ሌላውን እያበራ የሚቀልጥ ጧፍ ነበር፤ ልጆቹ ጎጆዋ የተናወጠባት ወፍ ጫጩቶች ነበሩ፤ ጉና ተራራ ራሱ ደመናውን ተከናንቦ ያለቅስ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ሳነብላት ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔም በልቤ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ለገንዘብ ያዣችን አሳየኋቸው። ገንዘብ ያዣችን በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሦስቱን ገጽ ቀስ ብለው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና፣

«ግሩም ነው ልጄ። ስንት ጎደለ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ሦስት ገጽ ስጽፍ አንድ ጊዜ እንኳ ለመጠየቅ አልታየኝም። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ብር እስከ ሳንቲሙ የምቆጥር ሰው፣ ማታ ለጓደኛዬ ነፍስ ስለምን ቁጥሩን ረሳሁት። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው የኔታ ያን ቀን ስለጠየቁኝ ጥያቄ ነው። እንደ እኔ ቃል የሚወዱ ሰዎች ለታመመ ወዳጅ ደብዳቤ እንዲጽፉ መታዘዛቸው አይቀርምና።

ለሕክምና የሚሰበሰብ ገንዘብ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሌብነት አይደለም፤ በዝምታ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ፣ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን አዋጥተን ነበር። ስንት እንደሚያስፈልግ አልተነገረንም፤ «የአቅማችሁን» ተባልን። ስንት እንደተሰበሰበም አልተነገረንም። ባልደረባችን ሞተ፤ አፈር አለበስነው፤ ስለ ገንዘቡ መጠየቅም ነውር ሆነ። አስተባባሪው ገንዘቡን በትክክል ለሆስፒታል እንደከፈለ እኔ አምናለሁ። ነገር ግን የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ሹክሹክታው እየበረታ ሄደ፤ ከዓመት በኋላ ሰውየው ዝውውር ጠይቆ ከተማውን ለቀቀ። በዚያ መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሲታመም የተዋጣው የቀድሞውን ሩብ አይሆንም። ስለዚህ ያለ ሒሳብ የተሰበሰበ ብር ሁለት ሰው ይጎዳል፦ በቅንነት የሰበሰበውንና ወደፊት የሚታመመውን።

ወደ የኔታ ጥያቄ ልመለስ። ስንት ጎደለ? ይህን ለመመለስ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፦ ጠቅላላው ወጪ፣ በእጅ ያለው፣ ልዩነቱ። ጠቅላላውን ለማወቅ ከሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ፕሮፎርማ አስመጣን። ፕሮፎርማው የሚነግረን ግን የሆስፒታሉን ወጪ ብቻ ነው። ከእርሱ ውጭ ያለውን እኛው ከታማሚው ሚስት ጋር ተቀምጠን ቆጠርን። ቀዶ ሕክምናው ከተቀማጩ ጋር 260,000 ብር፤ ኤምአርአይና ላቦራቶሪ 18,000፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በቀን 12,000 ሒሳብ የሦስት ቀን 36,000፤ መድኃኒት 25,000፤ ለታማሚውና ለሁለት አስታማሚዎች የአንድ ወር መጓጓዣ፣ ማደሪያና ምግብ 31,000። ድምሩ 370,000 ሆነ። በዚህ ላይ ለማይታወቀው ነገር አንድ ዐሥረኛውን፣ 37,000 ጨመርን፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ልመና ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ጠቅላላው 407,000 ብር።

በእጅ ያለው ደግሞ ይህ ነበር፦ አባቱ ስማዳ ውስጥ ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው የላኩት 78,000፤ የራሱ ቁጠባ 14,000፤ ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረው 60,000። ይህ 152,000 ነው። እንግዲህ የጎደለው 255,000 ብር ሆነ።

አዲሱ ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። ጧፉም ወፏም ከጉና ደመና ጋር ቀሩ። ቁጥሮቹን ከላይ ባስቀመጥሁት ቅደም ተከተል ጻፍሁ። ቀጥሎ ገንዘቡ በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ እንደሚገባ፣ መሰብሰቡ መቼ እንደሚያበቃ፣ ሪፖርት በየስንት ቀኑ እንደሚቀርብ፣ ገንዘብ ቢተርፍ ወይም (እግዚአብሔር አያድርገውና) ታማሚው ቢያርፍ ምን እንደሚደረግ በየአንድ ዐረፍተ ነገር ገለጽሁ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ይሰቀጥጣል፤ ሚስቱ እንዳታየው ፈርቼ ነበር። አንብባ ስታበቃ ግን፣ «ይኸ ይሻላል፤ ነገ እኔን አይጠይቁኝም» አለች።

አንድ ነገር ሆን ብለን አስቀረን። የሕመሙን ስም ተናግረናል፤ ፎቶግራፍ ግን አልለጠፍንም፤ የሐኪሙንም ወረቀት አላሰራጨንም። ወረቀቱን ሦስት ሰዎች አይተው «አይተናል» ብለው ፈረሙ። የሰው ልጅ ታመመ ተብሎ ገመናው ሁሉ ለአደባባይ አይቀርብም። ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ሲገለጥ የታማሚው ገላ የግድ መገለጥ እንደሌለበት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ምስል የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ሲያጣ ነው።

ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ሒሳብ በሚመለከት የሙያዬን ልናገር። የመጀመሪያው ሐሳብ በታማሚው ስም ባለው ሒሳብ ይግባ የሚል ነበር፤ ቅን ሐሳብ ነው፤ ገንዘቡ የእርሱ አይደል? ነገር ግን ታማሚው የሚገባው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት መፈረም ላይችል ይችላል። ውክልና ለሚስቱ ይስጥ ቢባልም፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና በወካዩ ሞት ወይም ችሎታ ማጣት ያበቃል። ባለ ሒሳቡ ቢሞት ደግሞ ባንክ ሒሳቡን ያግዳል፤ ወራሾች የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪያመጡ ድረስ የሆስፒታሉ ዕዳ እንኳ ከዚያ ገንዘብ አይከፈልም። ከሁሉ በላይ አስፈላጊ በሆነበት ሰዓት የተቆለፈ ሣጥን ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ በአንድ አስተባባሪ ስም ይሁን የሚል ነበር። ይህም ያንን ሰው የሐሜት ዒላማ ያደርገዋል፤ ገንዘቡም ከራሱ ደመወዝና ከቀለቡ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በሦስት ሰዎች ስም፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ የሚንቀሳቀስ አዲስ ሒሳብ ከፈትን፦ የኔታ፣ አንዲት የእስቴ ተወላጅ ነጋዴና የታማሚው ወንድም። እኔ ደብዳቤውን የምጽፍና ሒሳቡን የማስታርቅ ነኝና ፈራሚ አልሆንሁም። የሚቆጥርና የሚያወጣ አንድ ሰው እንዳይሆን የኔታ አጥብቀው ይዘው ነበር። በጥምር ፊርማ የተከፈተ ሒሳብ ማንም ሰው በስልኩ ገንዘብ ሊያስገባበት ይችላል፤ ለማውጣት ግን ሁለት ሰዎች በአካል ቅርንጫፍ መቅረብ አለባቸው። አዎን፣ ያዘገያል። መዘግየቱ ግን ለሦስቱም ጥበቃ ነው። ለሆስፒታሉ የሚከፈለውን ትልቁን ገንዘብ በጥሬው አላወጣነውም፤ በሆስፒታሉ ስም ሲፒኦ አሠርተን ላክን። አስታማሚዎቹ እጅ የገባው የመድኃኒቱና የቀለቡ ብር ብቻ ነው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የጎደለው ሞላ፤ በቃልን ብለን መሰብሰቡን ዘጋን። ችግሩም ያን ዕለት መጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሰዎች በቴሌግራም የለጠፉትን የዝውውር ማረጋገጫ ምስል እየተከተለ ዝርዝር ይይዝ ነበር። በእርሱ ዝርዝር 90 ሰዎች 264,800 ብር ሰጥተዋል። ከባንክ የወጣው የሒሳብ መግለጫ ደግሞ 88 ገቢዎችንና 261,300 ብር ያሳያል። ልዩነቱ 3,500 ብር ነው። ጸሐፊው የራሱን ድምር አስቀድሞ ለጥፎት ነበርና የኔታ የባንኩን ድምር በቅንነት ሲናገሩ፣ አንድ ሰው «3,500ው የት ገባ?» ብሎ ጻፈ። ሌላ ሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ለጠፈ። ሦስተኛው ዝም ብሎ የሚስቅ ፊት ላከ።

ሁለት ቀን የኔታ አልተኙም። እኔ ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ፈራሚነታቸውን የሚተውበትን ማመልከቻ በብዕር እየጻፉ አገኘኋቸው። «ድጓ ስማር ቆሎ ለምኜ አድሬያለሁ፤ የሰው ቆሎ ግን ወስጄ አላውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ተቀመጥሁና ሁለቱን ዝርዝሮች መስመር በመስመር አመሳከርሁ። እያንዳንዱ የባንክ ዝውውር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ምስሉ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በሒሳብ መግለጫው ላይ ፈልጎ ማጣት ወይም ሁለት ጊዜ ማግኘት ነው ሥራው። አንዱ 1,500 ብር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ባልና ሚስት አንዱን ዝውውር ለየብቻ ለጥፈውት ኖሯል፣ መለያ ቁጥሩ አንድ ነው። ሌላው 2,000 ብር ምስሉ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የሒሳብ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል። 1,500 እና 2,000፤ 3,500። ብሩ አልጠፋም፤ ከመጀመሪያውም አልገባም።

ከዚህ የተማርሁት ነገር ቀላል ነው። ምስል ገንዘብ አይደለም። ምስል ይሳሳታል፤ ሊቀነባበርም ይችላል። ሰብሳቢ በምስል ድምር ይፋ ማድረግ የለበትም። ከሒሳብ መግለጫው ጋር ያልተመሳከረ ድምር ከተለጠፈ፣ ሌባ በሌለበት ሌባ ይፈጠራል። ለተሳሳቱት ሦስት ሰዎችም በየግል ደወልሁ እንጂ ስማቸውን በአደባባይ አላነሣሁም፤ በቴሌግራሙ የጻፍነው «አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንዱ በቁጥር ስሕተት አልደረሰም» የሚል ብቻ ነው። የኔታ ማመልከቻቸውን ቀደዱት። «እኛ ቤተልሔም የምንሄደው ይኸን ፍለጋ ነው» አሉኝ። «ተማሪው በሌላ አገር ድጓውን ተምሮ፣ መጽሐፉን ጽፎ ይመጣል። በገዛ ዐዋቂነቱ ግን አይታመንም። ከቤተልሔሙ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ፣ አርሞ፣ አስመስክሮ ይሄዳል። መታረሙ ውርደት አይደለም፤ ሳይታረም መሄዱ ነው ውርደት።»

እንግዲህ የሰጪዎች ስምና መጠን ይገለጽ ወይስ አይገለጽ የሚለው ክርክር ቀጠለ። ሽማግሌዎቻችን በሠርግ እንደሚደረገው «እገሌ ይህን ያህል» ተብሎ ይነበብ አሉ፤ ሰው ሰው ሲሰጥ አይቶ ይሰጣልና። እውነት አላቸው። ሆኖም ዝርዝራችን ውስጥ 20,000 ብር የሰጠ አለ፤ 50 ብር የሰጠች አለች። 50 ብር የሰጠችው ሴት ጎን ለጎን ስሟን ብታይ ለሚቀጥለው ጥሪ አትመጣም፤ የእርሷ 50 ብር ግን ከቤቷ ያወጣችው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ዕድር ይህን ችግር የፈታው መዋጮውን እኩል በማድረግ ነው፤ ሁሉ እኩል ከከፈለ የሚያፍር የለም። በዚያው በእኛው ደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ ያለው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ «ለወገን ደራሽ» የሚለው ሥራ አለው፤ አባላቱ በሳምንት አንድ ቀን ለታመመ፣ ለደከመና ለተቸገረ ወገን ይሠራሉ። ከእያንዳንዱ የሚጠየቀው ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ ነው። በልመና ደብዳቤ ግን ይህ እኩልነት የለም። ስለዚህ እኛ መካከለኛውን መረጥን። ለእያንዳንዱ ሰጪ ከ1 ጀምሮ ተራ ቁጥር ሰጠን፤ ቁጥሩን ለራሱ ብቻ በግል ነገርነው። ሪፖርቱ ላይ ቁጥርና መጠን እንጂ ስም የለም። ሁሉም የራሱን ብር በዝርዝሩ ውስጥ ያያል፤ የሌላውን ሰው ግን አያይም። ሽማግሌዎቹ አልረኩም፤ ዛሬም አልረኩም። እኔ ግን የሚገለጠው ገንዘቡ እንጂ ሰጪው አይደለም ባይ ነኝ። ግልጽነቱን የሚጠየቀው የተቀበለው ወገን ነው፤ የሰጠው ለምን ይጠየቃል?

ቀዶ ሕክምናው በየካቲት ተደረገ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጓደኛችን ወጣ። ወጪው ከግምታችን በአንዱ ጨመረ፣ በአንዱ ቀነሰ። ቀዶ ሕክምናው በተባለው 260,000 ተፈጸመ። ኤምአርአዩ በመደገሙ 18,000ው 23,400 ሆነ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሦስት ሳይሆን አምስት ቀን አደረ፣ 60,000። መድኃኒቱ 19,600፤ መጓጓዣና ማደሪያው 34,200። ድምሩ 397,200 ብር። ያ ለማይታወቀው ብለን የጨመርነው አንድ ዐሥረኛ ባይኖር ኖሮ በአራተኛው ቀን ሁለተኛ ልመና እንጽፍ ነበር።

ትርፉ ደግሞ ያልጠበቅነው ፈተና ነው። መሰብሰቡን ከዘጋን በኋላ እንኳ ዘጠኝ ሰዎች 22,100 ብር አስገቡ፤ ጥሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «ተዘግቷል» የሚለው ቃል አብሮት አይሄድምና። ጠቅላላ የገባው 283,400 ሆነ። ይህ ከቤተ ሰቡ 152,000 ጋር 435,400፤ ወጪው ሲቀነስ 38,200 ብር ተረፈ።

እዚህ ላይ አንድ አባል እጁን አወጣ። «አባቱ በሬዎቻቸውን ሸጠዋል። ክረምቱ እየመጣ ነው። በዚህ ብር አንድ በሬ እንግዛላቸው» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ላጨብጭብ እጄን አንሥቼ ነበር። ገበሬ ያለ በሬ ምን እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም።

የኔታ ግን፣ «ደብዳቤው ምን ይላል?» አሉ።

ደብዳቤው የሚለው፣ ገንዘብ ቢተርፍ እስከ ሐምሌ 30 ቀን ለክትትል ምርመራና ለመድኃኒት ይቀመጣል፤ ከዚያ የቀረው ለማኅበሩ የሕመም ሣጥን ይገባል ነው። በሬ አይልም። ጨካኝ እንደሆንሁ እያወቅሁ ከየኔታ ጋር ቆምሁ። 97 ሰዎች ብራቸውን የሰጡት ለአንድ ሰው ራስ ነው። ከዚያ የተሻለ ጉዳይ ቢመጣ እንኳ እነርሱን ሳንጠይቅ ልንለውጠው አንችልም። ዛሬ ለበሬ የለወጥን ነገ ለሌላ እንለውጣለን፤ ያኛው ለውጥ ደግሞ የዚህን ያህል ላያምር ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ በጎ ዓላማ ገንዘብ ለሚሰበስቡ ኮሚቴዎች ራሱን የቻለ ክፍል የሰጣቸው ያለ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሰብሳቢው ሀብት ሳይሆን ዓላማ ያለው ንብረት ነው ከሚል አስተሳሰብ ነው።

ይህ የትርፍ ጥያቄ ሲጠበብ የበሬ ነው፤ ሲሰፋ ግን የሞት ነው። ተዋናይ ፍቃዱ ተክለ ማርያም በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ወዳጆቹና አድናቂዎቹ በአገር ውስጥም በውጭም ለንቅለ ተከላው ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሥተው ነበር፤ እርሱ ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዐረፈ። ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ወዳጁ ያዘንሁት ለመድረኩ ነው። አሁን ግን ሳስበው፣ እንዲህ ያለ ሞት በየትኛውም ትንሽ ማኅበር ላይ ቢደርስ ሰብሳቢዎቹ በለቅሶ መካከል የሒሳብ ውሳኔ ሊወስኑ እንደሚገደዱ ይታየኛል። በለቅሶ ቤት የሚወሰን ሒሳብ ሁሉንም ያስከፋል። ውሳኔው መጻፍ ያለበት ሁሉም ሰው ገና ተስፋ ባለው ጊዜ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ነው። ሚስቱ የተናገረችው ይህንኑ ነበር።

በሬውስ? በሬውን አልተውነውም። በዚያው ስብሰባ ሌላ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ይኸኛው አራት መስመር ነው። «አባቱ ለሕክምናው ሁለት በሬ ሸጠዋል። አንድ በሬ ልንገዛላቸው እንፈልጋለን። ይህ ከሕክምናው ገንዘብ የተለየ ነው። የማይፈልግ አይገደድም።» በአንድ ሳምንት 34 ሰዎች 43,500 ብር ሰጡ። ከወገዳ ገበያ አንድ በሬ በ41,800 ተገዛ፤ ለደላላና ለማጓጓዣ 1,200 ወጣ፤ የቀረው 500 ብር ለአባትየው ከደረሰኙ ጋር ተሰጠ። የሕክምናው ትርፍ ደግሞ በቦታው ቆየ፤ ከ38,200ው 21,500 ለክትትል ምርመራና ለመድኃኒት ወጥቶ፣ በሐምሌ መጨረሻ 16,700 ብር ወደ ማኅበሩ የሕመም ሣጥን ገባ። የጥምር ሒሳቡም ተዘጋ። የመዝጊያውን ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር ለጠፍነው፤ ክፍት የቀረ ሒሳብ ክፍት የቀረ ጥርጣሬ ነውና።

የመጨረሻው ሪፖርት ሁለት ገጽ ነበር። ቅጽል የሚባል የለበትም። ከጻፍኋቸው ነገሮች ሁሉ ሰው ደጋግሞ ያነበበው እርሱን ይመስለኛል፤ አንድ አባል አትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎት አይቻለሁ። ግጥሞቼን የለጠፈልኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

አንድ በሬ ብቻውን እርሻ አያርስም፤ ይህን አገሬው ያውቃል። በዚያ ክረምት አባትየው በሬያቸውን ከጎረቤታቸው በሬ ጋር በመቀናጆ አጣምረው፣ ቀን እየተቀያየሩ ሁለቱም አረሱ። መቀናጆ የማን ቀን እንደሆነ በግልጽ ካልታወቀ ጎረቤት ያጣላል፤ ከታወቀ ግን አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ድኾች ጥማድ ያላቸው ሰዎች ይሆናሉ።